የሐሙስ እምቢታ

ጓደኛዬ የምትቀረው እኔ መኪና ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ብትቀር ምን ነበረበት። ስልኬ ትጮኻለች፣ አያታለሁ፣ የድምፅ መልእክት ነው፣ አሥራ አንድ ሰከንድ። ሳልከፍተው ርዝመቱን አይቼ አውቀዋለሁ። ደስ ብሏት ቢሆን ኖሮ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ነበር የምትለፈልፈው። «ውዴ፣ ይቅርታ የኔ ማር፣ ዛሬ ራሴን አሞኛል፣ ለሚቀጥለው እንገናኛለን እሺ?» የእኔም መልስ ሁሌ ያው ነው፦ «ችግር የለም የኔ ቆንጆ፣ እግዜር ይማርሽ።»

ችግርማ ነበረ። እንዴት አይኖር?

ያኔ ዐረብ አገር፣ ሳብያ ከተማ ውስጥ በአንድ ቤት የቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ባባና ማዳም የምላቸው ባልና ሚስት፣ አምስት ልጆች፣ ከዚያም ሁሉ በላይ ሐጃ የምንላት የባባ እናት። እረፍቴ በየሁለት ሳምንቱ አርብ ሲሆን ከጁምዓ ሶላት በኋላ እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ነው። ታዲያ ይህቺ እረፍት ከሰማይ አትወርድም። ሐሙስ የወንዶቹን ነጫጭ ጀለቢያ አንድ በአንድ እተኩሳለሁ። የአርብን ሥጋ ቀቅዬ አሳድራለሁ። አርብ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቼ ቤቱን አጥባለሁ፣ ሐጃን ገላዋን አጥቤ ጸጉሯን አበጥራለሁ። ማዳም ወጥ ቤቱን ዞራ ዞራ አይታ «ያላ ሂጂ» እስክትለኝ ድረስ ቁና ቁና እተነፍሳለሁ። እንግዲህ ጓደኛዬ በአሥራ አንድ ሰከንድ የምትሰርዘው ይህንን ሁሉ ነው።

በዚያ ላይ ጊዜ አልነበረኝም። ኮንትራቴ ሊያልቅ ሦስት ወር ቀርቶት ነበር፤ ባባ አገሬ መግቢያ ወረቀቴን አስጨርሶ ቲኬቱን ሊቆርጥልኝ ቃል ገብቶልኛል። ሦስት ወር ማለት ስድስት አርብ ማለት ነው። እኔ ከዚህ አገር ይዤ የምሄደው ጥሩ ነገር ቢኖር እሷ ነበረች፤ ሳልጠግባት መሄድ አልፈለግኩም። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

የተዋወቅነው ከአገር የመጣን ሰሞን፣ አሠሪ እስኪወስደን በተቀመጥንበት ክፍል ውስጥ ነው። እሷ የአዲስ አበባ ልጅ፣ እኔ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ካለ ገጠር። ዘጠኝ ቀን በአንድ ብርድ ልብስ ተኛን። ብርዱ ከአየር ማቀዝቀዣው ነው፣ ውጭውማ እሳት ነው። እሷ በእንቅልፏ ብርድ ልብሱን ትስባለች፣ እኔ መልሼ እስባለሁ፣ ጠዋት ማን ሰረቀ እየተባባልን እንሳሳቃለን። ከዚያ እግዚአብሔር ሲያደርገው ሁለታችንም ሳብያ ደረሰን፣ ቤቶቻችን በሁለት መንገድ ይራራቃሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ አርብ አርብ አብረን ዋልን።

በሦስተኛው ዓመት የእሷ አሠሪዎች ወደ ሌላ ከተማ ሊሄዱ ሆነና ወረቀቷን ጂዛን ከተማ ላለ ቤተሰብ ሊያዛውሩላት ተነሱ። እሷ ፈራች፣ «እዚሁ ሳብያ ሌላ ቤት ልጠብቅ» አለች። እኔ ነኝ የገፋሁአት። «ትንሽ ቤተሰብ ናቸው፣ ሁለት ልጅ ብቻ፣ ባሕሩም እዚያው ነው፤ አትሞኚ፣ ሂጂ» አልኳት። ሄደች። በሳምንቱ «እንዴት ናቸው?» ስላት «ማዳሜ እንደ እናት ናት» አለችኝ። እኔም ምክሬ ስለሰመረ ኩራት ተሰማኝ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቀናሁም።

መቅረት የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሳብያ ጂዛን የሚወስዱኝ አንድ የወሎ ሰው ነበሩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ እርሻ ላይ የሚሠሩ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ አርብ አርብ ለከብት የሚሆን ሣር በፒካፕ ጭነው ጂዛን የሚያደርሱ አባት ናቸው። ለሐጃ የፍየል ወተት ስለሚያመጡላት ማዳም ታውቃቸዋለች፣ ከእሳቸው ጋር ስሄድ አትከለክለኝም። «አባባ» እላቸዋለሁ፣ «ልጄ» ይሉኛል። መኪናቸው ውስጥ ማቀዝቀዣ የለም፤ መስኮቱን ከፍተን የሣሩን ሽታ እየማግን ነው የምንጓዝ።

ከስድስቱ አርቦች የመጀመሪያው በራስ ምታት ሄደ። ሁለተኛው በእንግዳ፤ «ማዳም እንግዳ መጣባት ውዴ።» ሦስተኛው በአቧራ። እውነት ነው፣ ያን ቀን አቧራው ፊት አያሳይም ነበር፤ ግን አቧራው ለእኔም ነፍሷል፣ እኔ ግን መንገድ ላይ ነኝ። አባባ ከጎኔ ሆነው በዓይናቸው ጫፍ ያዩኛል።

«ዛሬስ ምኗን አመማት?» አሉኝ።

«ዛሬ አቧራ ነው።»

«አቧራ መልካም። ባለፈው ካለችው ይሻላል፣ ይሄስ በዓይን ይታያል።»

ሳቅኩ፣ ግን ከልቤ አልነበረም። ሣራቸውን እስኪያራግፉ ጠብቄ ከእሳቸው ጋር ተመለስኩ። መግሪብ ሳይደርስ ቤት ገባሁና ማዳም «ቶሎ መጣሽ» ብላ ሰሃኑን አሸከመችኝ። እኔ ስናደድ አፌ ይዘጋል፣ እጄ ይሠራል። ያን ቀን ያጠብኩት ሰሃን ደግሞ ባይታጠብም ንጹሕ የነበረ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ያደረግኩት እንደ አገሬ ሴት ማኩረፍ ነው። ሁለት ሳምንት መልእክት አልመለስኩም። ወይ ታውቃለች፣ ወይ ትጠይቃለች ብዬ። ኩርፊያ እኮ የሚሠራው በር ለበር ሲሆን ነው፤ ፊትሽ ሲጠቁር የምታይሽ ሰው ስትኖር። እሷ እቴ ምኑን ታውቀው፣ በየማለዳው የአበባ ሥዕል ያለበት «እንደምን አደርሽ» ትልክልኛለች። እኔ እዚህ በንዴት እቃጠላለሁ፣ እዚያ አበባ ይፈካል። ጭራሽ በአሥረኛው ቀን «ሥራ በዝቶብሽ ነው አይደል? አይዞሽ» አለችኝ። ኩርፊያዬን ማንም ሳያይልኝ ብቻዬን ተሸክሜው ደከመኝ።

አራተኛው አርብ ደረሰ። «ትመጫለሽ?» አልኳት፣ «እሺ ውዴ፣ እንዴታ» አለችኝ። ከሳብያ ወጥተን ብዙም ሳንርቅ ስልኬ ጮኸች። በዚህኛው ምክንያት እንኳ አልነበረም። «ውዴ ይቅርታ። ዛሬ አልሆነልኝም።» ድምፅዋ እየሸሸ ነው። ጣቴ እንደለመደው «ችግር የለም» ብሎ ጽፎ ላከ። ከላክሁት በኋላ ነው ያመመኝ። ለአባባ፣ «ዛሬ ቁጥሯን ዘግቼ እገላገላለሁ፣ ኸላስ፣ አበቃ፣ ሁለት አርብ ነው የቀረኝ፣ ብቻዬን እውላለሁ» አልኳቸው።

«ነግረሻታል?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«መናደድሽን።»

«ታውቀዋለች እንጂ አባባ፣ አራት ጊዜ ሙሉ።»

«አንች ምን ብለሽ መለስሽላት?»

አፈርኩ። «ችግር የለም አልኳት።»

«እህ። ታዲያ ችግር የለም ካልሻት ምን ታድርግ? እሷም ችግር የለም ብላ ተኝታለች።» ከዚያ መሪውን ይዘው ተረቱብኝ፦ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት። በሆድሽ ይዘሽ አገርሽ አትግቢ። ንገሪያትና ከፈለገች ትቅር።»

በልቤ «እርስዎ ምን ገዶዎት» አልኩ። ግን ቃላቸው አልለቅ አለኝ። እውነትም ለአራቱም አርብ ፈቃድ የሰጠሁት እኔው ነበርኩ፣ በየጊዜው በአንዲት ቃል።

ማክሰኞ ጠዋት ልብስ ላሰጣ ጣራ ላይ ወጣሁ። ሆን ብዬ ማክሰኞን መረጥኩ። አርብ ዕለት ብናገር ንዴቴ ነበር የሚናገረው፤ ሐሙስ ብናገር ደግሞ ነገ እንዳትቀር ማስፈራሪያ ይመስልብኛል። አንሶላውን ከሰቀልኩ በኋላ በጥላው ተቀምጬ ስልኬን አወጣሁ።

የመጀመሪያውን የድምፅ መልእክት ስቀዳ አራቱንም አርቦች ከነሰበባቸው ቆጠርኩላት። መልሼ ስሰማው ዳኛ ፊት የቆመ ከሳሽ ነው የሚመስል፤ አጠፋሁት። በሁለተኛው «አንቺ ሁሌም እንዲህ ነሽ» አልኳት። ይህ ደግሞ ውሸት ነው። ሁለት ዓመት አንድ ቀን ሳትቀርብኝ ኖራለች፤ «ሁሌም» ካልኳት ያልቀረችባትን አንዷን ቀን አንስታ ትሟገተኛለች፣ ደግሞም ትረታኛለች። አጠፋሁት። በሦስተኛው አለቀስኩ። ይሄኛው ይሻላል ብዬ ልልከው ነበር፤ ግን እያለቀስኩ ብነግራት ልታባብለኝ ትጣደፋለች እንጂ ያልኩትን አትሰማውም። እሱንም አጠፋሁ።

የላክሁት አራተኛው ይህን ነው የሚል፦

«ስሚኝ እህቴ። አራት አርብ መንገድ ላይ ሳለሁ ቀርተሽብኛል፣ እኔም አራቱንም ጊዜ ችግር የለም ብዬሻለሁ። ዋሽቼሻለሁ። ከፍቶኛል፣ በጣም ከፍቶኛል። እኔ አንድ አርብ ለማግኘት ሐሙስን ሙሉ እንደ በሬ ነው የምጠመደው። ለምን ቀረሽ ብዬ አልመረምርሽም፤ ልትነግሪኝ ከፈለግሽ ጆሮ አለኝ፣ ካልፈለግሽም ተዪው። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። እሺ አትበይኝ። የማትመጪ ከሆነ ሐሙስ ማታ እምቢ በይኝ፤ ሐሙስ እምቢ ብትይኝ አልቀየምሽም፣ ቀኔን በሌላ አውለዋለሁ። ከእንግዲህ ደግሞ ብትመጪም ባትመጪም ጂዛን እወርዳለሁ፤ ከመጣሽ እሰየው፣ ከቀረሽ መንገድ ላይ ሆኜ አልጠብቅሽም። ይህን የምልሽ ልለይሽ አይደለም። ልለይሽ ብፈልግ ዝም እልሽ ነበር።»

ላክሁት፣ ስልኬን ገለበጥኩና ካልሲ ማስጣት ጀመርኩ። ምን እንደምፈራ አውቃለሁ፤ ያለችኝ እሷ ብቻ ነች።

ሰማችው። መስማቷን ስልኩ ላይ አየሁ። መልስ ግን የለም። ረቡዕ የለም፣ ሐሙስ የለም። የጠዋቱ አበባ እንኳ ቀረ። ያ የሰለቸኝ አበባ እንዲህ ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አምስተኛው አርብ እንዳልኩት ብቻዬን ወረድኩ። አባባ ኮርኒሹ በሚባለው የባሕሩ ዳርቻ መናፈሻ ላይ አወረዱኝ፣ ከጓደኛዬ ቤት ሩቅ አይደለም። አንድ የመናዊ ከሚሸጥበት ሻይ በወተት ገዝቼ ባሕሩ ፊት ተቀመጥኩ። ወበቁ ልብስን ከገላ ያጣብቃል። ቤተሰቦች ምንጣፍ አንጥፈው ይበላሉ፣ ልጆች ይሯሯጣሉ። እኔ ሦስት ሰዓት ሙሉ አማርኛ ሳልናገር ተቀመጥኩ። ደስ አላለኝም፤ ግን አልጠበቅኩም። መጠበቅ እንዴት እንደሚያደክም ያወቅኩት ያን ቀን ነው፤ ሰውነቴ ልክ ሸክም እንዳራገፈ ቀለለኝ፣ ሆዴ ግን ባዶ ነበር።

በሚቀጥለው ረቡዕ መልሷ መጣ። ሰባት ደቂቃ።

ሲጀምር ቁጣ ነው። «እኔ እንዳንቺ በር የሚከፈትልኝ መሰለሽ?» አለች። «እንደ በሬ እጠመዳለሁ ትያለሽ፤ አንቺ እንኳን ተጠምደሽ ትፈቻለሽ።» ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «እረፍት የለኝም። እዚህ ከገባሁ አንድም አርብ ወጥቼ አላውቅም። ሐሙስ ሐሙስ ማዳሜን እጠይቃታለሁ፣ ‹ኢንሻአላህ› ትለኛለች። እኔም በእሷ ኢንሻአላህ ላንቺ እሺ እላለሁ። አርብ ያቺን ለመውጫ የያዝኳትን ብርቱካንማ ቀሚሴን ለብሼ ጫማዬን አድርጌ ወጥ ቤት እቀመጣለሁ። ጁምዓ ሲያልቅ እንደገና እጠይቃታለሁ፣ ‹በዕዲን፣ ቆይ› ትለኛለች። ያኔ ነው የምልክልሽ። ራሴን አሞኝ አያውቅም።» ከዚያም፦ «ሂጂ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ይቆጭሻል ብዬ።»

ሐጃ ያለችበት ክፍል በር ላይ ቆሜ ነው የሰማሁት። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሐጃ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ፤ «ምንም» አልኳት፤ አየሽ፣ እኔም እንደዚያው ነኝ።

አሳዘነችኝ፣ አናደደችኝም፤ ሁለቱም እኩል ነበሩ። ወዲያው ብመልስ «ውይ የኔ እህት፣ ይቅር በይኝ» ብዬ ያልኩትን ሁሉ እውጠው ነበር። ስለዚህ አደርኩበት። ጠዋት፦

«አዝኛለሁ። ሂጂ ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ አልክድም፣ ይቆጨኛልም። እሱ አንድ ነገር ነው። አራት አርብ መዋሸትሽ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ አንዱን በአንዱ አልሸፍነውም። እንዲቆጨኝ ባትፈልጊም ቁጭቱ የኔ ነበር፣ መሸከምም እችል ነበር። ከእንግዲህ ኢንሻአላህ የተባልሽ እንደሆነ፣ ለእኔም ኢንሻአላህ በይኝ። እሺ አትበይኝ። ስድስተኛው አርብ የመጨረሻዬ ነው፣ ሰኞ እበራለሁ።»

«ገባኝ» አለች። ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ «ተቀይመሽኛል?» ብላ ጻፈች።

«አዎ። ግን እዚሁ ነኝ» አልኳት።

የመጨረሻው ሐሙስ፣ ጀለቢያ እየተኮስኩ ሳለ ስልኬ ጮኸች። የጽሑፍ መልእክት ነበር። «ነገ መውጣት አልችልም። ጠይቄያት እምቢ ብላለች። ቆሻሻ የማወጣው ግን ከዐስር ሶላት በኋላ ነው፣ አሥር ሰዓት ገደማ። ከሕንፃው ጀርባ አረንጓዴ የቆሻሻ ገንዳ አለ።»

ካውያውን አቆምኩ። ጣቴ ከልማዱ «ችግር የለም» ብሎ ጽፎ ነበር። አጠፋሁትና «ከፍቶኛል። እመጣለሁ» ብዬ ላክሁ።

አባባ ሣራቸውን አራግፈው እኔን ከሕንፃው ጀርባ አወረዱኝ። «የት ነው ቀጠሯችሁ?» አሉ። ገንዳውን አሳየኋቸው። አዩት፣ አፍንጫቸውን ያዙ፣ «ከአቧራው ይሻላል» ብለው መኪናቸውን ጥላ ውስጥ ሊያቆሙ ሄዱ። ድመቶች ገንዳው ሥር ተኝተዋል። ሽታው ራስ ያዞራል። አሥር ሰዓት አለፈ፣ አልመጣችም። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሆነ። እንደ ድሮው ስልኬን አየሁ፤ ግን አልጮኸችም።

የኋላው በር ተከፈተና በሁለቱም እጇ ጥቁር ፌስታል አንጠልጥላ ወጣች። ከስታለች። ሽርጥ አድርጋለች፣ ከሽርጡ በታች ደግሞ ብርቱካንማው ቀሚስ ይታያል። ገንዳው ጋ ለመውጣት ለብሳው ነበር።

ፌስታሎቹን እንኳ ሳትጥል አቀፈችኝ፤ አንዱ ጀርባዬ ላይ ተንጠለጠለ። ስድስት ደቂቃ ቆየን። የረባ ነገር አላወራንም። «ከስተሻል» አልኳት፣ «አንቺ ወፍረሻል» አለችኝ። ብርድ ልብሱን ማን ይሰርቅ እንደነበር ተከራከርን። «እኔ ነበርኩ» ብላ አመነችልኝ፣ በሦስተኛ ዓመቱ።

ከላይ መስኮት ላይ ስሟን ጠሯት። ደንገጥ አለች፣ ፌስታሎቹን ወረወረቻቸው። እኔ ቂሏ፣ የዚያን ሁሉ መንገድ ትምህርት ረስቼ፣ «ሰኞ ጠዋት ነው የምበር፣ አውሮፕላን ጣቢያው እዚሁ ጂዛን ነው፣ መጥተሽ ትሸኚኛለሽ?» አልኳት።

አፏን ስትከፍት «እሺ» ልትል እንደሆነ አየሁ። ከንፈሯ ላይ ደርሳ ነበር። ዋጠቻት።

«አልመጣም» አለችኝ። «አልችልም። ዛሬ ነው የሸኘሁሽ።»

ከዚያ በሩ ተዘጋ። ሰኞ ጠዋት አውሮፕላን ጣቢያው ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ፤ ከበሩ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር ነበር፣ እኔ ግን ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ነው የተቀመጥኩት።